ኮሎኒው በዝቷል፤ ግን ሚውቴሽን ነው ወይስ ምግብ?

ጥያቄ፦ ከአንድ ተክል ሥር በውሃ ያወጣሁትን ኤክስትራክት ሚውቴሽን ማምጣቱን በባክቴሪያ በሚፈትሸው በኤምስ ቴስት ፈተሽኩት። ቲኤ100 የተባለው ባክቴሪያ ውሃ ብቻ በገባበት ፕሌት ላይ በአማካይ 122 ኮሎኒ ሰጠ። በፕሌት 1250 ማይክሮግራም ሳስገባ 160፣ በ2500 ላይ 204፣ በ5000 ላይ 281 ሆነ። በዚሁ ከፍተኛ መጠን ቲኤ98 ከ31 ወደ 70፣ ቲኤ1535 ከ12 ወደ 27 ወጣ። በሰውነት ውስጥ እንደሚሆነው ኬሚካሎችን የሚቀይረውን የጉበት ኢንዛይም ብጨምርም ባልጨምርም ያው ነው። ከእጥፍ በላይ ስለሆነ «ሚውቴሽን ያመጣል» ብዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ ግን «ሂስቲዲን ሊሆን ይችላል» አሉኝ። ኮሎኒዎቹን ለቅሜ ሂስቲዲን በሌለበት ፕሌት ላይ ስዘራቸው ሁሉም በቀሉ። ይሄ አይበቃም?

ምላሽ፦ አይበቃም። አማካሪዎ የጠረጠሩት ትክክለኛውን ቦታ ነው። ኮሎኒዎቹን ለቅመው መዝራትዎ ጥሩ ነገር ነው፤ ብቻ የመለሰልዎት ሌላ ጥያቄ ነው። ለምን እንደሆነ ለማየት አንድ ፕሌት ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ቀስ ብለን እንከተል።

ብሩስ ኤምስና ባልደረቦቻቸው በበርክሌይ በ1970ዎቹ ያዘጋጇቸው የሳልሞኔላ ዝርያዎች ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ራሳቸው መሥራት አይችሉም። ሂስቲዲን ከሚሠሩላቸው ጂኖች አንዱ ተበላሽቷል። በቲኤ100 እና በቲኤ1535 ውስጥ የተበላሸው አንድ የዲኤንኤ ፊደል ነው። በቲኤ98 ደግሞ የፊደላቱ አነባበብ ከመስመሩ ወጥቷል። አንድ ኬሚካል ዲኤንኤውን ነክቶ ይሄንን ስህተት በአጋጣሚ ካረመው፣ ያ ባክቴሪያ ሂስቲዲን መሥራት ይጀምራል። ሂስቲዲን ባለቀበት ፕሌት ላይም ብቻውን እየተባዛ ኮሎኒ ይሆናል። እኛም ያንን እንቆጥራለን።

«ባለቀበት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከመጀመሪያው ፕሌቱ ላይ ሂስቲዲን ጨርሶ የለም ማለት አይደለም። ባክቴሪያውን፣ ናሙናውንና የጉበት ኢንዛይሙን ቀላቅለን የምናፈስበት ላይኛው አጋር ውስጥ ጥቂት ሂስቲዲን እንጨምራለን። በተለመደው አሠራር ላይኛው አጋር 2 ሚሊ ሊትር ነው። የሂስቲዲኑ መጠን ደግሞ 0.05 ሚሊሞላር ነው። ሲባዛ በአንድ ፕሌት 15.5 ማይክሮግራም ገደማ ይወጣል። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ለምን እንጨምራለን? ሚውቴሽን ጸንቶ የሚቀረው ባክቴሪያው ዲኤንኤውን ሲገለብጥና ሲከፈል ነው። ጨርሶ ካልተከፈለ፣ ኬሚካሉ የነካው ቦታ ወደ ቋሚ ለውጥ የመቀየር ዕድሉ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለጥቂት ክፍፍል የምትበቃ ስንቅ እንሰጣቸዋለን። ስንቋ ስታልቅ አብዛኛዎቹ ይቆማሉ። እነዚህ የቆሙት ናቸው ከኮሎኒዎቹ ሥር እንደ ስስ ጭጋግ የሚታዩት። በላብራቶሪ ቋንቋ ላውን እንላቸዋለን።

ላውኑን ብዙ ሰው እንደ ዳራ ብቻ ያየዋል። የእርስዎ መልስ ግን ያለው እዚያ ነው። በውሃ ብቻ ፕሌት ላይ ያገኟቸው 122 ኮሎኒዎች ከየት መጡ? ኬሚካል አልነካቸውም። ባክቴሪያ ሲከፈል ዲኤንኤ ገልባጩ አልፎ አልፎ ራሱ ይሳሳታል፤ ከስህተቶቹም አንዳንዱ የተበላሸውን ጂን ያርመዋል። ከእነዚህ ኮሎኒዎች አብዛኞቹ የሚወለዱት ባክቴሪያው ፕሌቱ ላይ ከፈሰሰ በኋላ፣ ስንቁ እስኪያልቅ በሚከፈልበት ጊዜ ነው።

እንደ ሎተሪ ቢያስቡት ይቀልላል። እያንዳንዱ ክፍፍል አንድ ትኬት ነው። የማሸነፍ ዕድሉ እጅግ ትንሽ ነው፤ ትኬቱ ግን ብዙ ነው። እውነተኛ ሚውቴሽን አምጪ ኬሚካል የእያንዳንዱን ትኬት ዕድል ከፍ ያደርጋል። ተጨማሪ ሂስቲዲን ደግሞ ዕድሉን ሳይነካ የትኬቱን ብዛት ያሳድጋል። ከውጭ ሲቆጠር ሁለቱም «አሸናፊ በዛ» ይላሉ።

አሁን ወደ ዘሩት ኮሎኒ እንመለስ። በሂስቲዲን ምክንያት የበዙት ኮሎኒዎች የውሸት ኮሎኒዎች አይደሉም። እውነተኛ አሸናፊዎች ናቸው፤ ጂናቸው ታርሟል። ብቻ ያረማቸው የእርስዎ ኤክስትራክት አይደለም። ስለዚህ ሂስቲዲን በሌለበት ፕሌት ላይ ሲዘሩ ይበቅላሉ፤ መብቀልም አለባቸው። ይሄ ፍተሻ የሚጠቅመው በተቃራኒው ችግር ጊዜ ነው። ናሙናው መርዝ ሆኖ አብዛኛውን ባክቴሪያ ሲገድል፣ የተረፉት ጥቂቶች ለሁሉም የተመደበውን ስንቅ ለብቻቸው ይካፈሉታል። ያኔ ጂናቸው ሳይታረም የመርፌ ጫፍ የምታክል ኮሎኒ ይሠራሉ። እነዚያን ሂስቲዲን የሌለው ፕሌት ላይ ቢዘሯቸው አይበቅሉም። የእርስዎ ስለበቀሉ ይሄኛውን ችግር አስወግደዋል። የሂስቲዲኑ ጥያቄ ግን እንዳለ ነው።

የላኳቸውን ቁጥሮች እንያቸው። 281 ለ122 ሲካፈል 2.3 ነው። 70 ለ31 ደግሞ 2.26፣ 27 ለ12 ደግሞ 2.25። ሦስት ዝርያዎች፣ አንድ ዓይነት ብዜት። እኔን ያስጠረጠረኝ ይሄ ነው። ቲኤ98 የሚታረመው የተዛባ የንባብ መስመር ሲስተካከል ነው፤ ሌሎቹ አንድ ፊደል ሲለወጥ። ቲኤ100 የተሠራው ደግሞ ከቲኤ1535 ነው፤ ልዩነታቸው ፒኬኤም101 የተባለ ፕላዝሚድ፣ ማለትም ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት፣ መጨመሩ ነው። ይሄ ፕላዝሚድ የተጎዳ ዲኤንኤን እየተሳሳተ የሚጠግን ሥርዓት ስላለው ባክቴሪያውን ለብዙ ኬሚካሎች የበለጠ ተጋላጭ ያደርገዋል። እውነተኛ ኬሚካል እንዲህ የተለያዩ ሦስት ዝርያዎችን በእኩል መጠን መንካቱ የማይመስል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን ያጠቃል፣ ሌላውን ይተዋል። ስንቅ ግን ለማንም አያዳላም። የጉበት ኢንዛይሙ ለውጥ አለማምጣቱም ከዚህ ጋር ይሄዳል፤ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ያለ ጉበት ኢንዛይም የሚሠሩ ሚውቴሽን አምጪዎች ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ያቺን 15.5 እናምጣት። የላውኑ መጠን በፕሌቱ ላይ ካለው ሂስቲዲን ጋር በግምት አብሮ ያድጋል። በራሳቸው የሚመጡት ኮሎኒዎችም እንዲሁ። ኮሎኒው 2.3 እጥፍ እንዲሆን በስንቁ ላይ 1.3 እጥፉ መጨመር አለበት፤ ይህም 20 ማይክሮግራም ገደማ ነው። እርስዎ ያስገቡት 5000 ማይክሮግራም ኤክስትራክት ነው። 20 ለ5000 ሲካፈል 0.4 በመቶ። ማለትም ኤክስትራክትዎ ከክብደቱ 0.4 በመቶ ብቻ ሂስቲዲን ቢኖረው ውጤቱ በሙሉ ይገለጻል። በውሃ ለወጣ የተክል ናሙና ይሄ የሚያስደነግጥ መጠን አይደለም።

መጠኑን ዝቅ ስናደርግስ? በ2500 ላይ 10 ማይክሮግራም ሂስቲዲን ይገባል፤ ግምቱ 201 ኮሎኒ ነው፤ እርስዎ 204 ቆጠሩ። በ1250 ላይ 5 ማይክሮግራም ይገባል፤ ግምቱ 161፤ እርስዎ 160። መጠን ሲጨምር ኮሎኒ መጨመሩ ሰውን የሚያሳምነው ለዚህ ነው፤ ግን ሂስቲዲንም በትክክል እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ከብዙ ዓመት በፊት እኔም በእንዲህ ያለ ቆንጆ መስመር ተማምኜ አንድ የፕሮቲን ምርት ሚውቴሽን አምጪ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ሪፖርቱን ለማስመለስ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ለዚህ ነው ነገሩን በዚህ ሁሉ ዝርዝር የምነግርዎ።

ይህ ስሌት ግን ጥርጣሬ ነው፤ ማረጋገጫ አይደለም። ማረጋገጫው ከፕሌቱ ይጀምራል። ፕሌቶቹን ካልጣሏቸው የውሃውንና የ5000ውን ጎን ለጎን አድርገው ላውኑን በማይክሮስኮፕ ዝቅተኛ ማጉያ ይዩት። በ5000ው ላይ ጭጋጉ ከወፈረ ባክቴሪያው ተጨማሪ ምግብ አግኝቷል። ከሳሳና በመካከሉ ባዶ ቦታ ካለ መርዝ ነው። ኤክስትራክቱ ቀለም ካለው ዓይን ይታለላል፤ ስለዚህ በማጉያው ሥር ያሉትን ትናንሽ የባክቴሪያ ክምችቶች መጠን ያወዳድሩ እንጂ የፕሌቱን ጥቁረት አይመኑ።

ቀጥሎ ሂስቲዲኑን መለካት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ናሙናውን ለአሚኖ አሲድ ትንተና ሲልኩ ነፃ ሂስቲዲን ብቻ ከተለካ ቁጥሩ ሊያንስ ይችላል፤ ምክንያቱም ሳልሞኔላ ትናንሽ ፔፕታይዶችን አስገብቶ በውስጡ እየበጣጠሰ ሂስቲዲኑን ይጠቀማል። በአሲድ ሁሉም ተሰባብሮ ከተለካ ደግሞ ይበዛል፤ ባክቴሪያው ሊበላው የማይችለው ትልቅ ፕሮቲን ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። እኔ የምመርጠው ባክቴሪያውን ራሱን መጠየቅ ነው። ግሉኮስና ጨዎች ባሉት ፈሳሽ ምግብ ላይ ባዮቲን የተባለውን ቪታሚን ይጨምሩ። ሂስቲዲን ግን ከእርስዎ ኤክስትራክት ብቻ ይምጣ። ጎን ለጎን መጠኑ የሚታወቅ ሂስቲዲን ያለባቸውን ቱቦዎች ከዜሮ ጀምረው ደረጃ በደረጃ ያዘጋጁ። ለሁሉም እኩል ቲኤ1535 ያስገቡ፤ በ37 ዲግሪ ያሳድሩና ድፍርስነቱን ይለኩ። የኤክስትራክትዎ ቱቦ ከየትኛው የሂስቲዲን ቱቦ ጋር እኩል እንደደፈረሰ ሲያዩ፣ ባክቴሪያው ሊጠቀምበት የሚችለውን ሂስቲዲን በቀጥታ አገኙት ማለት ነው። ባክቴሪያ ያልገባበት የኤክስትራክት ቱቦም ይኑር፤ የቀለሙን ድርሻ ይቀንሱበታል። አንዱ ቱቦ ላይ ደግሞ ኤክስትራክትና የታወቀ ሂስቲዲን አብረው ይግቡ። ዕድገቱ ከሚጠበቀው ካነሰ ኤክስትራክቱ ባክቴሪያውን እየጎዳው ነው፤ ልኬቱም አይታመንም።

ባዮቲኑስ፣ ተክል ውስጥ ባዮቲንም አለ አይደል? አለ። ዝርያዎቹም ባዮቲን ከውጭ ይፈልጋሉ፤ የዲኤንኤ ጥገናቸውን ለማዳከም አንድ ቁራጭ ሲወገድ የባዮቲን ጂኖችም አብረው ሄደዋል። ግን ባዮቲን መጀመሪያውኑ ከበቂ በላይ ስለሚሰጣቸው ጭማሪው ምንም አይለውጥም። ያ አያሳስብዎ።

አሁን ዋናው ሙከራ መጣ። ልኬቱ በእያንዳንዱ መጠን ስንት ሂስቲዲን እንደሚገባ ነግሮዎታል። ያንኑ ያህል ንጹሕ ሂስቲዲን በውሃ ብቻ ፕሌቶች ላይ ይጨምሩ። ለ5000ው የራሱ፣ ለ2500ው የራሱ፣ ለ1250ው የራሱ መመዘኛ ይኑረው። እያንዳንዱን በሦስት ፕሌት፣ በአንድ ቀን፣ ከአንድ የባክቴሪያ ካልቸር ይሥሩ። ከዚያ ኤክስትራክቱን የሚያወዳድሩት ከ122 ጋር ሳይሆን ሂስቲዲኑ ከተስተካከለለት ፕሌት ጋር ነው።

ልኬቱ 0.4 በመቶ ሆኖ የተስተካከለው ፕሌት 270 ወይም 285 ከሰጠ፣ የእርስዎ 281 ምንም አዲስ ነገር የለውም፤ ጉዳዩ በዚህ ያልቃል። ልኬቱ 0.1 በመቶ ቢሆንስ? ያኔ በ5000 ላይ የሚገባው ሂስቲዲን 5 ማይክሮግራም ብቻ ነው። የሚያስረዳውም እስከ 161 ድረስ ነው። 120 ኮሎኒ ያህል ያለ ምክንያት ይቀራል፤ ያኔ ኤክስትራክቱን በቁም ነገር መጠርጠር አለብን። ስለዚህ አማካሪዎ «ሂስቲዲን ሊሆን ይችላል» ማለታቸው ናሙናውን ነፃ አያወጣውም። ሂስቲዲን መኖሩ ብቻ ሰበብ ሆኖ እውነተኛ ሚውቴሽን አምጪ ሲያመልጥም አይቻለሁ። ጥያቄው ሂስቲዲን አለ ወይስ የለም አይደለም፤ ይበቃል ወይስ አይበቃም ነው።

በተለይ ተክል ከሆነ አንድ ስም በልብዎ ይያዙ፤ ኩዌርሴቲን። በብዙ ተክሎች ውስጥ ያለ ፍላቮኖይድ ነው። በኤምስ ቴስት ላይ በግልጽ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ በተለይ በቲኤ98። የእርስዎ ውጤት ከእሱ ቢሆን ኖሮ ቲኤ98 ከሌሎቹ ርቆ ሲሄድ እናይ ነበር፤ ቲኤ1535 ደግሞ ባለበት ይቆም ነበር። ሂስቲዲንና ኩዌርሴቲን አንድ ኤክስትራክት ውስጥ ቢገናኙስ? ያኔ ሂስቲዲኑ ሁሉንም ዝርያ በእኩል ያነሣል፤ ከዚያ በላይ ቲኤ98 ለብቻው ከፍ ይላል። ዝርያዎቹን አንድ ላይ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ደግሞም ኩዌርሴቲን በባክቴሪያ ላይ ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ1999 በቡድን 3 ነው ያስቀመጠው፤ ትርጉሙ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ ለመመደብ ማስረጃው አይበቃም ነው። በፕሌት ላይ የተገኘ ፖዘቲቭ ስለ ሰው የሚናገረው በከፊል ብቻ ነው።

የተስተካከለው ፕሌት ግልጽ መልስ ካልሰጠ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ባክቴሪያውን ከናሙናው ጋር በፈሳሽ ውስጥ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በላይ ማቆየት፣ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ አውርዶ ማጠብ፣ ንጹሑን ባክቴሪያ ብቻ ወደ ላይኛው አጋር ማስገባት ነው። ኬሚካሉ ዲኤንኤውን ለመንካት ጊዜ አግኝቷል፤ ሂስቲዲኑ ግን በውሃው ሄዷል። ችግሩ ይህ አሠራር ከተለመደው ያነሰ ሊያይ ይችላል፤ በመደበኛው አሠራር ባክቴሪያው ከኬሚካሉ ጋር የሚቆየው ለሁለት ቀን ነው። ሲታጠብም የተወሰነ ባክቴሪያ ይጠፋል። ስለዚህ ሚውቴሽን ማምጣቱ የታወቀ ኬሚካል፣ ለምሳሌ ለቲኤ100 ሶዲየም አዛይድ፣ በዚያው የእጥበት ሂደት ውስጥ ማለፍ አለበት። እሱ ካልታየ የእርስዎ ናሙና አለመታየቱ ምንም አይናገርም።

ሁለተኛው ሂስቲዲኑን ከናሙናው መለየት ነው። ሽንትም በሂስቲዲን የተሞላ ስለሆነ በቀጥታ መፈተሽ አስቸጋሪ ነበር። ያማሳኪና ኤምስ በ1977 ሽንቱን ኤክስኤዲ-2 በተባለ ሬዚን ውስጥ አሳለፉት። ውሃ ወዳዱ ሂስቲዲን አለፈ፤ ውሃ የማይወዱት ኬሚካሎች ሬዚኑ ላይ ቀሩ፤ በአሴቶን ታጥበው ወጡ። በዚህ መንገድ ነው የሲጋራ አጫሾች ሽንት ሚውቴሽን አምጪ ነገር እንዳለው ያሳዩት። በእርስዎም ኤክስትራክት ይሠራል። ብቻ ኤክስትራክትዎ በውሃ የወጣ ስለሆነ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ሚውቴሽን የሚያመጣው ኬሚካል ራሱ ውሃ ወዳድ ከሆነ ከሂስቲዲኑ ጋር አብሮ ያመልጣል። ስለዚህ ሬዚኑ ላይ የቀረውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ይፈትሹት፤ ያለፈውን ሲፈትሹ ግን ሂስቲዲኑ እዚያ ስላለ የተስተካከለ ፕሌት ያስፈልገዋል።

በእጥፍ ጉዳይ አንድ ቃል ልጨምር። «ከእጥፍ በላይ ከሆነ ፖዘቲቭ» የሚለው ልማድ ለቲኤ98ና ለቲኤ100 የሚሠራ የጣት ሕግ ነው። እንደ ቲኤ1535 መነሻ ቁጥራቸው ትንሽ ለሆነ ዝርያዎች ብዙ ላብራቶሪዎች ሦስት እጥፍ ይጠይቃሉ፤ 12 እና 27 በአጋጣሚም ሊራራቁ ይችላሉና። በዚህ መለኪያ የእርስዎ ቲኤ1535 መስመሩን አላለፈም።

ለጊዜው ሪፖርቱ ላይ «ሚውቴሽን ያመጣል» የሚለውን ያንሡት፤ ቁጥሮቹን ግን አንዱንም አይሰርዙ። «በሦስቱም ዝርያ ኮሎኒ በ2.3 እጥፍ አካባቢ ጨምሯል፤ ለባክቴሪያው የሚገኝ ሂስቲዲን አልተለካም» ብለው ይጻፉ። የድፍርስነት ልኬቱ አንድ ሌሊት፣ የተስተካከለው ፕሌት ሁለት ቀን ይወስዳል። መጀመሪያ የሚሠሩት ግን የ5000ውን ፕሌት ላውን ማየት ይሁን፤ ለእሱ አምስት ደቂቃ ይበቃል።